ሁለቱም «ጂ5» ነው፤ ግን አንድ አይደለም

በቴሌግራም የሽያጭ ገጾች ላይ ላፕቶፕ ስትፈልጉ የቆያችሁ ሰዎች ይህችን መስመር በቃላችሁ ሳታውቋት አትቀሩም፦ «ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ በጣም ንጹህ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር»። መስመሯ ውስጥ አንድም ውሸት ላይኖር ይችላል። ችግሩ በዚችው መስመር፣ አንዲት ፊደል ሳይቀየር፣ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች መሸጥ መቻላቸው ነው። አንደኛው የሌላኛውን እጥፍ ኮር የያዘ አንጎል አለው። አንደኛውን ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 11 ተቀብሎታል፣ ሌላኛውን አልተቀበለውም። ክዳናቸው፣ ኪቦርዳቸው፣ ክብደታቸው፣ ቻርጀራቸው ግን አንድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የላፕቶፕ እውነተኛ ስም ክዳኑ ላይ የተጻፈው አይደለም፤ ማንም የማያነበው ትንሹ ኮድ ነው። ይህ ኮድ በማስታወቂያ፣ በደረሰኝና በጨረታ ሰነድ ላይ እንዲሰፍር እስካልጠየቅን ድረስ፣ ሻጩ ሐቀኛ ሆኖም እንኳ የምንገዛውን ሳናውቅ እንገዛለን።

ነገሩን በአንድ ማሽን ብቻ ላሳይ። 840 ጂ5ን የመረጥኩት እዚህ በብዛት ስለሚሸጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ የቀረበ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። የውጭ አገር ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን ማሽን በመቶና በሺህ ቁጥር አዘው፣ ጥቂት ዓመታት ተጠቅመው ያስወግዱታል። ከዚያ በነጋዴ እጅ አልፎ፣ በዱባይም ይሁን በሌላ መንገድ፣ አዲስ አበባ ይደርሳል። እዚህ ላይ ማወቅ ያለብን ነገር ኤችፒ «840 ጂ5» በሚል ስም የሠራው አንድ ዕቃ አለመሆኑን ነው። ይህ የቤተሰብ ስም ነው። ትልልቅ ገዢዎች ከዝርዝር ውስጥ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ስቶሬጁን፣ ስክሪኑን እየመረጡ ያዝዛሉ፤ ፋብሪካውም በዚያው ቀፎ ውስጥ የታዘዘውን ይገጥማል። ዝርዝሩ ውስጥ ከነበሩት ፕሮሰሰሮች መካከል የ8ኛው ትውልድ i5-8250U ይገኝበታል፤ የ7ኛው ትውልድ i5-7300Uም ይገኝበታል። ሁለቱም «አይ5» ይባላሉ።

በቅርቡ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አግኝቻቸው ነበር። ዋጋቸው እኩል ነበር። ልዩነታቸውን ስጠይቀው ባለሱቁ ሁለቱንም ከፍቶ የዊንዶውስን የመረጃ ገጽ አሳየኝና «ወንድሜ፣ ሁለቱም ጂ5 ነው፣ ሁለቱም አይ5 ነው። እንዲያውም እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄኛው 2.6 ነው፣ ያኛው 1.6 ነው። እኔ ብሆን ይሄኛውን ነው የምወስደው» አለኝ። ሊያታልለኝ አልፈለገም፤ ከልቡ ሊረዳኝ ነው የፈለገው። የመከረኝ ግን ደካማውን ማሽን ነበር።

ስህተቱ የት እንደተፈጠረ እንመልከት። በዊንዶውስ ገጹ ላይ የተጻፉት መስመሮች እነዚህ ነበሩ፦

```
Intel(R) Core(TM) i5-7300U CPU @ 2.60GHz
Intel(R) Core(TM) i5-8250U CPU @ 1.60GHz
```

ባለሱቁ ያነበበው መጨረሻ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። 2.60 ከ1.60 ይበልጣል፣ ስለዚህ ያኛው ፈጣን ነው ብሎ ደመደመ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የአንዲት ኮር መነሻ ፍጥነት ብቻ ነው። i5-7300U ሁለት ኮር ሲኖረው i5-8250U አራት አለው። ሁለት ሠራተኛ ያለው ወርክሾፕና አራት ሠራተኛ ያለው ወርክሾፕ ማለት ነው። ባለአራቱ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚነሳው ሁሉም የሚጋሩት የኃይል መጠን ያው የላፕቶፕ 15 ዋት ስለሆነ ነው። ሥራ ሲመጣና ማቀዝቀዣው ሲፈቅድ ግን እስከ 3.4 ጊጋኸርዝ ይወጣል። ባለሁለቱ ደግሞ እስከ 3.5 ይደርሳል። ጣሪያቸው ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው፤ የሠራተኛው ቁጥር ግን እጥፍ ነው። አንድ ጽሑፍ ብቻ ከፍቶ ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። ሃያ ገጽ ብሮውዘር ላይ ከፍቶ፣ በዙም እየተሰበሰበ፣ ከኋላ ቪዲዮ ለሚያወጣ ሰው ግን አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያቃስታል።

ስለዚህ መነበብ ያለበት መጨረሻ ላይ ያለው ፍጥነት አይደለም፤ መሀል ላይ ያለው ኮድ ነው። ከ«i5» በኋላ ካለችው ሰረዝ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ቁጥር ትውልዱን ይናገራል፦ 7300 የ7ኛው፣ 8250 የ8ኛው ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው U ኃይል ቆጣቢ የላፕቶፕ ዓይነት መሆኑን ትነግራለች። ከ10ኛው ትውልድ ወዲህ ትውልዱ በሁለት አሃዝ ይጻፋል፤ 10210U የ10ኛው፣ 1135G7 የ11ኛው፣ 1235U የ12ኛው ነው። «1135» የሚለውን አይቶ «ይሄ የ1ኛ ትውልድ ነው» የሚል ሰው እንዳያስደነግጣችሁ።

ይህን የያዘ ሰው «አይ7 ነው» የሚለው ጩኸትም አያሸብረውም። የ7ኛው ትውልድ i7-7600U ስሙ አይ7 ቢሆንም ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በሚሠራበት ሰዓት የ8ኛው ትውልድ አይ5 ይበልጠዋል። በማስታወቂያ ላይ ግን አይ7 በሚለው ቃል ብቻ ብዙ ብር ይጨመርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳት እንምጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለግለሰብ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያም ቢሆን ከአንድ ዓመት አያልፍም። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ በኢንቴል ላፕቶፖች ላይ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። i5-8250U ተቀባይነት ካላቸው ዝርዝር ውስጥ አለ፤ i5-7300U የለም። ስለዚህ በዚያ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ በእኩል ዋጋ የተቀመጡት ሁለት ማሽኖች አንደኛው ገና መንገድ ያለው፣ ሌላኛው መንገዱ የተዘጋ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል እኮ፣ እየው» ቢሏችሁ ማረጋገጫ አይደለም። የፕሮሰሰሩን ፍተሻ ዘሎ ዊንዶውስ 11ን በ7ኛው ትውልድ ላይ መጫን ይቻላል፤ ጫኚዎቻችን ደግሞ ለዚህ አይታሙም። ማሽኑ ይነሳል፣ ያምራል፣ ይሠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ባላሟላ ማሽን ላይ ማሻሻያ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። ባንክ የምትገቡበት፣ የቢሮ ኢሜይል የምትከፍቱበት ማሽን ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ ኮዶቹ የት እንዳሉ እንይ። ኮዶቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት።

የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩ ኮድ ነው። ክዳኑ ላይ ወይም ከኪቦርዱ ጎን ያለውን ስቲከር አትመኑ። ስቲከር ይላጣል፣ ይለጠፋል፣ አዲሱም በገበያ ይገኛል። ማሽኑን ራሱን ጠይቁት። ኤችፒ ላይ ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታበሩ F10ን ደጋግማችሁ ብትጫኑ የባዮስ ገጽ ይከፈታል፤ System Information የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ተጽፏል። ዊንዶውስ ከተከፈተ ደግሞ ፓወርሼል ላይ እነዚህን ሦስት መስመሮች መጻፍ ይበቃል፦

```
Get-CimInstance Win32_Processor | Select Name, NumberOfCores
Get-CimInstance Win32_ComputerSystem | Select Model, SystemSKUNumber
Get-CimInstance Win32_BIOS | Select SerialNumber
```

የመጀመሪያው መስመር የፕሮሰሰሩን ስምና የኮሩን ብዛት ያወጣል። 2 ካለ 2 ነው፤ ክርክር የለውም።

ሁለተኛው የምርት ቁጥሩ ነው፤ ኤችፒ Product Number ወይም SKU ይለዋል። ከሥር ያለው ስቲከር ላይ፣ ባዮስ ውስጥና ከላይ ባለው ሁለተኛ ትእዛዝ ውጤት ላይ ታገኙታላችሁ። «840 ጂ5» የቤተሰብ ስም ከሆነ ይህ የግል ስም ነው። ፋብሪካው የገጠመውን ፕሮሰሰር፣ ራምና ስቶሬጅ የሚለየው በዚህ ነው። ከ# ምልክት በኋላ ያሉት ሦስት ፊደላት ማሽኑ ለየት ያለ ገበያ እንደተዘጋጀ ይጠቁማሉ፤ ለምሳሌ ABA የአሜሪካ፣ ABU የእንግሊዝ፣ ABD የጀርመን ነው። የጀርመን ከሆነ ኪቦርዱ ላይ Z እና Y ቦታ ተለዋውጠው ብታገኙ አትገረሙ። ኪቦርዱ የእንግሊዝኛ፣ ኮዱ ABD ከሆነ ግን ኪቦርዱ ሳይቀየር አልቀረም ማለት ነው፤ ለምን እንደተቀየረ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የዚህ ኮድ ገደብም አለው። ከ# በፊት ያሉት ፊደላት AV ከሆኑ ቁጥሩ ገዢው እንደፈለገ ለሚያዝዘው ማሽን የተሰጠ መነሻ ቁጥር ነው፤ እሱ ብቻውን ውስጡ ያለውን አይነግራችሁም። እንዲህ ሲሆን ወደ ሦስተኛው ኮድ እንሄዳለን።

ሦስተኛው የሴሪያል ቁጥሩ ነው። ኤችፒ ፓርትሰርፈር የሚባል የራሱ ድረ ገጽ አለው፤ አድራሻው partsurfer.hp.com ነው። የሴሪያል ቁጥሩን ስታስገቡ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩትን ክፍሎች ይዘረዝራል፤ ማዘርቦርዱ ከየትኛው ፕሮሰሰር ጋር እንደመጣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይጻፋል። ሴሪያሉ ራሱም ዕድሜ ይናገራል። የዚህ ዘመን የኤችፒ ሴሪያል አሥር ፊደልና ቁጥር አለው፤ አራተኛው ቦታ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው የሳምንቱ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 5CG823 ብሎ የሚጀምር ከሆነ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «አምና የወጣ ነው» ለሚላችሁ ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

ሆኖም ኮድ የሚናገረው ማሽኑ እንዴት እንደተወለደ ነው፤ ዛሬ ምን እንደሆነ አይደለም። ይህንን ካልለየን ሌላ ስህተት ውስጥ እንገባለን። በ840 ጂ5 ላይ ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የተቀመጠ ነው፤ ነቅሎ ሌላ መግጠም አይቻልም። ራሙ ግን ሁለት ሶኬት ላይ የሚሰካ ነው፤ ኤስኤስዲውም በአንድ ብሎን የሚፈታ ነው። ከፋብሪካ 16 ጊጋ ይዞ የወጣ ማሽን መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍሎ በ8 እና በ8 ሊሸጥ ይችላል። 512 የነበረው 256 ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ለፕሮሰሰሩ ኮዱ የታመነ ምስክር ነው፤ ለራሙና ለስቶሬጁ ግን ማሽኑን ዛሬ መፈተሽ ግዴታ ነው። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ የሜሞሪውን ገጽ ብታዩ መጠኑንና ስንት ሶኬት እንደተያዘ ይነግራችኋል። አንድ ሶኬት ክፍት ከሆነ በኋላ ርካሽ ራም ጨምሮ ማሳደግ ይቻላል። 840 ጂ5 እስከ 32 ጊጋ ይቀበላል። ለዚህ ነው እኔ የምለው፦ በራምና በስቶሬጅ ላይ ከመከራከር በፊት በፕሮሰሰሩ ላይ ተከራከሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይስተካከላሉ፤ ፕሮሰሰሩ ግን እስከ መጨረሻው አብሯችሁ ይኖራል።

ማዘርቦርዱ በሙሉ የተቀየረ ከሆነስ? ያንንም ኮዶቹ ያጋልጣሉ። ከሥር ያለው ስቲከር ላይ የተጻፈውን ሴሪያል ከባዮሱ ሴሪያል ጋር አስተያዩት። እኩል ካልሆኑ፣ ወይም ባዮሱ ላይ ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ወይ ቀፎው ወይ ቦርዱ የሌላ ማሽን ነው። ያ ማለት የግድ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፤ ጥገና ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዋጋውና ዋስትናው ላይ ሳትነጋገሩ የምታልፉት ነገር አይደለም።

ይህ የኤችፒ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሌኖቮ ቲንክፓድ T470 በሁለት ትውልድ ፕሮሰሰር ተሠርቷል። ከሥሩ ያለው ኮድ 20HD ወይም 20HE ብሎ ከጀመረ የ7ኛው፣ 20JM ወይም 20JN ብሎ ከጀመረ የ6ኛው ትውልድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ በዚያ ዘመን ማይክሮሶፍት 7ኛውን ትውልድ በዊንዶውስ 7 አልደግፍም አለ፤ ከዊንዶውስ 7 መውጣት ያልፈለጉ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ስለዚህ በዚያው ቀፎ ውስጥ የቀድሞው ፕሮሰሰር ተገጠመላቸው። ለገዛቸው ድርጅት ትርጉም ያለው ውሳኔ ነበር። ከዓመታት በኋላ ያው ማሽን እኛ ጋ ሲደርስ ግን ምክንያቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ስሙ ብቻ ይደርሳል። ድርጅቱ ምን እንዳዘዘ በኮድ ያውቅ ነበር፤ እኛ ኮዱን ጥለን ስሙን ገዛን።

አሁን ወደ ተጠያቂነት ልምጣ። አምራቾቹ ጥፋት አለባቸው፤ ባለሁለት ኮርና ባለአራት ኮርን በአንድ ስም መሸጥ ለገዢ ምቹ አይደለም። ግን እነሱ ኮዱን ጽፈውልናል፤ ያላነበብነው እኛ ነን። ባለሱቆችን ስታናግሩ «የመጣልንን ነው የምንሸጠው፣ በጅምላ ነው የምንረከበው» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን አንድን ማሽን በF10 ከፍቶ ሁለት ኮድ መገልበጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በብር ዋጋ መውረድ ምክንያት፣ በተለይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ላፕቶፕ ለአንድ ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ የወራት ቁጠባ ሆኗል። ለወራት ቁጠባ ሁለት ደቂቃ አይበዛም።

ሕጉም ከገዢው ጎን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። «ኮር አይ5» የሚለው ብቻ በቂ መረጃ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ከላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ያንብብ። መብቱን በተግባር የሚያውለው ግን ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ ላይ «ላፕቶፕ ኤችፒ 1» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ የምታቀርቡት አቤቱታ መቆሚያ የለውም። የፕሮሰሰሩ ኮድ፣ የምርት ቁጥሩና ሴሪያሉ ተጽፈው ከሆነ ግን የገዛችሁት የትኛው ማሽን እንደሆነ ማንም አይክደውም።

ከግለሰብ ይልቅ የሚያሳስበኝ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ግዢ ነው። «ፕሮሰሰር፦ ኮር አይ5 ወይም ከዚያ በላይ» ብሎ የወጣ የጨረታ መስፈርት ከዓመታት በፊት የተሠራውን ባለሁለት ኮር በሕጋዊ መንገድ ያስገባል። ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ የሚወሰን ከሆነ ደግሞ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ተጫራቹ መስፈርቱን አሟልቷል፤ ኮሚቴው አጽድቋል፤ ሠራተኛው ግን በስድስተኛው ወር «ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል» ብሎ ይጽፋል። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መስፈርቱ ዝቅተኛውን ትውልድና የኮር ብዛት በቁጥር ይጻፍ፤ ተጫራቹ ሙሉ የምርት ቁጥሩን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ያስፍር፤ ርክክብ ላይ ኮሚቴው ከካርቶኑ ሳይሆን ከባዮሱ ላይ አንብቦ ያመሳክር።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። i5-7300U ያለበት ጂ5 የሚጣል ማሽን ነው እያልኩ አይደለም። ለጽሑፍ፣ ለኢሜይል፣ ሊኑክስ ጭኖ ለሚጠቀም ሰው ገና ያገለግላል። በርካሽ ከተገኘና ገዢው አውቆ ከገዛው ጥሩ ግዢ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ለምን ይሸጣል አይደለም፤ ለምን በባለአራቱ ዋጋ ይሸጣል ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በውስጥ መስመር «ዋጋ ስንት ነው?» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «የባዮሱን ገጽ ፎቶ ይላኩልኝ» በሉ። የላከላችሁን ሻጭ ያዙት። «ሁሉም ያው ነው» ያላችሁን ግን አመስግናችሁ እለፉት፤ ያው እንዳልሆነ አሁን ታውቃላችሁ።